ስህተቱን ሳናውቀው «ከዚህ አይበልጥም» ማለት፦ የቴይለር ቀሪ እና ጣሪያው

አንድ ሰው ወረቀት ላይ √e ≈ 1.6487 ብሎ ጻፈ እንበል። ከጎኑ ደግሞ «ስህተቱ ከ0.0001 ያንሳል» የሚል ጨመረበት። ካልኩሌተር አልነካም። ትክክለኛውን ዋጋም አያውቅም። ታዲያ የማያውቀው ቁጥር እሱ ከጻፈው ቁጥር ምን ያህል እንደሚርቅ በምን አወቀ?

ይህን ጥያቄ ካልኩለስ የሚማሩ ብዙ ተማሪዎች በሆዳቸው ይዘው ያልፋሉ። ቀመሩን ይሸመድዳሉ፣ ቁጥር ይተካሉ፣ መልስ ይወጣል። ግን «ስህተቱን ካወቅን መልሱንስ ለምን አናውቀውም?» የሚለው አይመለስላቸውም። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስህተቱን በትክክል ብናውቀው ኖሮ በግምታችን ላይ ደምረነው ሥራው ያልቅ ነበር። እኛ ግን ስህተቱን አናውቀውም። የምናውቀው ጣሪያውን ነው። ስህተቱ ከጣሪያው በታች የት ቦታ እንዳለ ሳናይ፣ ጣሪያውን እንደማያልፍ ግን እናረጋግጣለን።

ነገሩን ከመኪና እንጀምር። አንድ መኪና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። ግማሽ ሰዓት ተነዳ። የት እንደደረሰ አታውቁም። በየደቂቃው ፍጥነቱ ስንት እንደነበረም አታውቁም። ግን ከተነሳበት ቦታ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳልራቀ በእርግጠኝነት መናገር ትችላላችሁ። የቴይለር ቀሪ ላይ የምንሠራው ይሄንኑ ነው። ልዩነቱ ነገሩን አንዴ ሳይሆን ደጋግመን መሥራታችን ነው።

የቴይለር ፖሊኖሚያል ማለት አንድን ፈንክሽን በአንድ ነጥብ ላይ የሚመስል ፖሊኖሚያል ነው። ነጥቡን a እንበለው። በዚያ ነጥብ ላይ ዋጋቸው እኩል ነው፣ አንደኛው ዴሪቬቲቫቸው እኩል ነው፣ ሁለተኛውም እኩል ነው፣ እንዲህ እያለ እስከ nኛው። ከዚያ ነጥብ ስንርቅ ግን ሁለቱ መለያየት ይጀምራሉ። ይህን ልዩነት ቀሪ እንለዋለን፣ R ብለንም እንጽፈዋለን።

እንግዲህ ቀሪው በመነሻው ነጥብ ላይ ዜሮ ነው። የቀሪው የመጀመሪያዎቹ n ዴሪቬቲቮችም እዚያ ነጥብ ላይ ሁሉም ዜሮ ናቸው፤ ፖሊኖሚያሉን የሠራነው እንደዚያ እንዲሆን ነውና። አንድ ዴሪቬቲቭ ጨምረን n+1ኛው ላይ ስንደርስ ፖሊኖሚያሉ ራሱ ይጠፋል፣ የሚቀረው የፈንክሽኑ n+1ኛ ዴሪቬቲቭ ብቻ ነው። ይህ ዴሪቬቲቭ በመጠን ከ M እንደማይበልጥ አወቅን እንበል። አሁን ወደ መኪናው ተመለሱ። M የፍጥነት ወሰን ነው። ከ a እስከ x ያለውን ርቀት t እንበለው። nኛው የቀሪው ዴሪቬቲቭ ከዜሮ ተነሳ፣ t ያህል ተጓዘ፣ ስለዚህ ከ M·t በላይ መራቅ አይችልም። ከሱ በታች ያለውም ከዜሮ ተነሳ፣ የፍጥነቱ ወሰን ከዜሮ ጀምሮ እያደገ መጨረሻ ላይ M·t ይደርሳል፣ በአማካይ ግን የዚያ ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ከ M·t²/2 በላይ አይርቅም። ቀጣዩ ከ M·t³/6 አይበልጥም። በየደረጃው አንድ t ይጨመራል፣ ከታች ደግሞ 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4 እየተባዛ ይሄዳል። ፋክቶሪያሉ ከዚህ ነው የመጣው። n+1 ጊዜ ስንወርድ ቀሪው ራሱ ላይ እንደርሳለን፦

```
|R_n(x)| ≤ M · |x − a|^(n+1) / (n+1)!
```

ብሩክ ቴይለር ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1715 ነው። ቀሪውን በግልጽ ቀመር አስቀምጦ የመጣው ላግራንዥ ሲሆን ዓመቱ 1797 ነው። የላግራንዥ አጻጻፍ እኩልነት ነው፦ ቀሪው በትክክል f^(n+1)(c) · (x−a)^(n+1) / (n+1)! ነው፣ c ደግሞ በ a እና በ x መካከል ያለ አንድ ነጥብ ነው ይላል። c የት እንዳለ አይነግረንም። የሚነግረን የሚገኝበትን ሰፈር ብቻ ነው። ለኛ ሥራ ሰፈሩ ይበቃናል፤ በዚያ ሰፈር ውስጥ ዴሪቬቲቩ ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ፈልገን M እንለዋለን።

አሁን ወደ √e እንሂድ። √e ማለት e^0.5 ነው። ፈንክሽኑ e^x፣ መነሻው 0፣ x ደግሞ 0.5 ነው። የተጠየቅነው ስህተቱ ከ0.0001 እንዲያንስ ነው። የ e^x ዴሪቬቲቭ ስንት ጊዜ ብትደጋግሙት ያው e^x ነው። ስለዚህ M የሚሆነው e^x በ0 እና በ0.5 መካከል ከሚወስዳቸው ዋጋዎች ከትልቁ የማያንስ ቁጥር ነው። e^x እያደገ የሚሄድ ፈንክሽን ስለሆነ ትልቁ ዋጋው ቀኝ ጫፍ ላይ ነው፣ ማለትም e^0.5።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። e^0.5 እኮ የምንፈልገው ቁጥር ራሱ ነው! ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ካልኩሌተር አንስተው 1.6487 ይጽፉና ያንን M ያደርጉታል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ እንዲሁ አድርጌ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ቅነሳው ልክ ነበር። መልሱን ለማወቅ መልሱን ተጠቅሜ ነበርና። ያ ማረጋገጫ ሊባል አይችልም።

መውጫው ቀላል ነው። M ትክክለኛው ከፍተኛ ዋጋ መሆን የለበትም። ከሱ የማያንስ ማንኛውም ቁጥር ይሠራል። e ከ4 እንደሚያንስ ካወቅን √e ከ2 ያንሳል ማለት ነው፣ M = 2 እንወስዳለን። e ከ4 ማነሱን ደግሞ በእጅ ማሳየት ይቻላል። e ማለት 1 + 1 + 1/2 + 1/6 + 1/24 እያለ የሚቀጥል ድምር ነው። በሱ ቦታ 1 + 1 + 1/2 + 1/4 + 1/8 እያለን ብንደምር እያንዳንዱ ተርም ከቀድሞው እኩል ወይም የሚበልጥ ነው፣ ድምሩም 3 ይመጣል። ስለዚህ e ከ3 አይበልጥም፣ ከ4 ማነሱም ያለ ካልኩሌተር ተረጋገጠ።

ቀጥሎ n ስንት ይሁን? እየሞከርን እንሂድ። n = 3 ብንል ጣሪያው 2 · 0.5⁴ / 24 ነው፣ 0.0052 ገደማ። በጣም ትልቅ ነው። n = 4 ላይ 2 · 0.5⁵ / 120 ይሆናል፣ 0.00052። አሁንም አይበቃም። n = 5 ላይ 2 · 0.5⁶ / 720 ይሆናል፣ ይህም 0.0000434 ነው። ከ0.0001 አነሰ። በአምስተኛ ዲግሪ እንቆማለን።

ፖሊኖሚያሉን እናስላ፦

```
1 + 0.5 + 0.5²/2 + 0.5³/6 + 0.5⁴/24 + 0.5⁵/120
= 1 + 0.5 + 0.125 + 0.020833 + 0.002604 + 0.000260
≈ 1.648698
```

የተጠጋጉት ተርሞች ሲደመሩ 1.648697 ይሰጣሉ፤ ሳይጠጋጉ ሲደመሩ ግን 1.648698 ገደማ ይሆናል። ሥራው አለቀ። √e ከ1.648698 የሚርቀው ቢበዛ 0.0000434 ያህል ነው። አሁን፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ካልኩሌተሩን አንስታችሁ ማየት ትችላላችሁ። 1.648721 ይላል። እውነተኛው ስህተት 0.0000234 ገደማ ነው፣ ከጣሪያችን በታች። ጣሪያው የእውነተኛውን ስህተት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ይህ ችግር አይደለም። ጣሪያ ጣሪያ ነው፣ ስህተቱን እንዲነካው አይጠበቅበትም።

M ላይ ሰፋ አድርጎ መውሰድ ምን ያህል ያስከፍላል የሚለውን ማየት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያለአግባብ ይጨነቃል። M = 2 ከማለት ይልቅ ሰነፍ ሆነን M = 4 ብንል ኖሮ ጣሪያው n = 5 ላይ 0.0000868 ይሆን ነበር። አሁንም ከ0.0001 በታች ነው! አንድም ተርም አልጨመረብንም። M = 10 ብንል ግን n = 5 አይበቃም፣ ወደ n = 6 እንሄዳለን። ያም የአንድ ተርም ዋጋ ብቻ ነው። ከታች ያለው ፋክቶሪያል በፍጥነት ስለሚያድግ የ M ስፋት ብዙም አያስቸግርም። ስለዚህ M ስትመርጡ በቀላሉ የሚረጋገጥ፣ የማያከራክር ቁጥር ውሰዱ። ጥብቅ M ፍለጋ ደቂቃዎችን ከማጥፋት አንድ ተርም መጨመር ይሻላል።

M ከሚገባው በላይ ሲሆን ጉዳቱ ይሄን ያህል ነው። ከሚገባው ሲያንስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ዴሪቬቲቩን መነሻው ነጥብ ላይ ብቻ ለክቶ ያንን M ማድረግ ነው። በኛ ምሳሌ e^0 = 1 ነው፣ ስለዚህ M = 1 ይባላል። «የሚቀጥለው ተርም ስህተቱን ይነግርሃል» የሚለው ወሬም ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ M = 1 ሲሆን ጣሪያ ተብሎ የሚወጣው ቁጥር በትክክል የሚቀጥለው ተርም ነው። እስቲ እናስላው። 0.5⁶ / 720 ማለት 0.0000217 ነው። እውነተኛው ስህተት ግን 0.0000234 ነበር። «ጣሪያው» ተበሳ። ስህተቱ ከላይ አልፎት ሄዷል።

ልዩነቱ እዚህ ጥቂት ስለሆነ ንቆ ማለፍ ያስመኛል። x ራቅ ሲል ግን እየሰፋ ይሄዳል። በዚያው አምስተኛ ዲግሪ e²ን ብንገምት 7.267 ገደማ እናገኛለን። የሚቀጥለው ተርም 0.089 ነው። እውነተኛው ስህተት ግን 0.122 ነው። «ስህተቴ ከ0.09 አይበልጥም» ብሎ የጻፈ ሰው ሐሰት ጽፏል። «የሚቀጥለው ተርም» የሚለው ደንብ የሚሠራበት ቦታ አለ፦ ተርሞቹ ምልክታቸውን አንዴ ፕላስ አንዴ ማይነስ እያደረጉ ሲፈራረቁ፣ መጠናቸውም እያነሰ ወደ ዜሮ ሲሄድ። e^0.5 ላይ ሁሉም ተርሞች ፖዘቲቭ ናቸው። ከቆምንበት ተርም በኋላ ያሉት በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ይደመራሉ፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ብቻውን ጠቅላላውን ሊሸፍን አይችልም።

ግን ያ M = 1 ከንቱ ቁጥር አይደለም። ትክክለኛ ቦታው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ነው። e^x በ0 እና በ0.5 መካከል ከ1 አያንስም። ስለዚህ ቀሪው ከ0.0000217 አያንስም። ጣሪያው ደግሞ 0.0000434 ነበር። ቀሪው በነዚህ በሁለቱ መሃል ታስሯል! እነዚህን በፖሊኖሚያሉ ዋጋ ላይ ስንደምር √e በ1.648719 እና በ1.648742 መካከል መሆኑን እናውቃለን። የሁለቱን መሃል ብንወስድ ስህተታችን ቢበዛ 0.000012 ገደማ ይሆናል። አንድም ተርም ሳንጨምር፣ ወለሉን ስላየን ብቻ፣ ትክክለኛነታችን ወደ አራት እጥፍ ገደማ ተሻሻለ። ይህ ነገር በጣም ደስ ይለኛል፣ ሰዎች ግን ጣሪያውን ብቻ ይዘው ስለሚሄዱ አያዩትም።

አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፣ ማጠጋጋትን። የቴይለር ቀሪ የሚቆጥረው ያልደመርናቸውን ተርሞች ብቻ ነው። የደመርናቸውን ስንጽፍ የምንቆርጠውን አሃዝ አያውቅም። ከላይ ሦስት ተርሞችን በስድስት አሃዝ አጠጋግተናል። በእያንዳንዱ ላይ የምንሳሳተው ከ0.0000005 አይበልጥም፣ በድምሩ 0.0000015። ከዚያ መልሱን 1.6487 ብለን ስናሳጥር በተጠጋጉት ተርሞች ድምር፣ በ1.648697 ላይ፣ 0.000003 ጨምረናል። ሁሉንም እንደምር፦ 0.0000434 + 0.0000015 + 0.000003 ማለት 0.0000479 ነው። ከ0.0001 በታች ነን፣ ሰላም ነው። ተርሞቹን በአራት አሃዝ ብቻ ይዘን ቢሆን ግን በእያንዳንዱ ላይ እስከ 0.00005 ልንስት እንችላለን። ሦስቱ ብቻቸውን 0.00015 ሊደርሱ ይችላሉ፣ ከተፈቀደልን ሁሉ በላይ። ስለዚህ ከሚፈለገው ቢያንስ ሁለት አሃዝ ጨምራችሁ አስሉ፣ ማሳጠሩ መጨረሻ ላይ ይሁን።

«ስህተቱ ከ0.0001 ያንሳል» እና «አራቱ አሃዞች ልክ ናቸው» የሚሉትም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የሚጠይቀው እውነተኛው ዋጋ ሲጠጋጋ 1.6487 እንዲሆን ነው፣ ማለትም በ1.64865 እና በ1.64875 መካከል እንዲገኝ። ያገኘነው ክልል ከ1.648719 እስከ 1.648742 ስለሆነ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። በኛ ዕድል ሁለቱም ተሟልተዋል። ክልሉ 1.64875ን አቋርጦ ቢሆን ኖሮ ግን ስህተቱ ጥቂት ቢሆንም የመጨረሻው አሃዝ 7 ይሁን 8 ማለት አንችልም ነበር።

እስካሁን ጥያቄው «ስንት ተርም?» የሚል ነበር። አንዳንዴ ይገለበጣል፦ ፖሊኖሚያሉ ተሰጥቶናል፣ እስከ የት ድረስ እንመነው? ለምሳሌ sin x በ x − x³/6 ሊተካ ነው፣ ስህተቱ ከ0.001 እንዳይበልጥ ተፈልጓል። የ sin ዴሪቬቲቮች sin እና cos ናቸው፣ ከነምልክታቸው። ሁሉም በመጠን ከ1 አይበልጡም፣ M = 1 ያለ ምንም ሥራ ተገኘ። ዲግሪው 3 ስለሆነ ጣሪያው |x|⁴ / 24 ነው። ይህ ከ0.001 እንዲያንስ x በመጠን ከ0.39 መብለጥ የለበትም።

ይህ ልክ ነው፣ ግን ንፉግ ነው። የ sin ፖሊኖሚያል አራተኛ ዲግሪ ተርም የለውም፣ ዜሮ ነው። ስለዚህ x − x³/6 ሦስተኛም አራተኛም ዲግሪ የቴይለር ፖሊኖሚያል ነው፣ ያው ጽሑፍ። n = 4 ብለን ማስላት መብታችን ነው። ጣሪያው |x|⁵ / 120 ይሆናል፣ የተፈቀደው ክልልም እስከ 0.65 ይሰፋል። ፖሊኖሚያሉ አልተለወጠም፣ እኛ ግን ስለሱ የበለጠ አወቅን። እዚህ ላይ ስሌቱ የሚሰጠው ቁጥር 0.6544 ገደማ ነው፤ ክልል ስታጠጋጉ ሁልጊዜ ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ላይ ካጠጋጋችሁ ዋስትናው ይፈርሳል። x ደግሞ በራዲያን ነው። 0.65 ራዲያን 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በዲግሪ ከተሠራ የ sin ዴሪቬቲቭ cos መሆኑ ራሱ ይቀራል፣ x − x³/6 የሚለው ፖሊኖሚያልም አብሮ ይሄዳል።

የመጨረሻው ጉዳይ ይህ ጣሪያ አቅም የሚያንሰው ቦታ ነው። ln(1+x)ን ከ0 ተነስተን እንገምት። የዚህ ፈንክሽን n+1ኛ ዴሪቬቲቭ በመጠን n! / (1+x)^(n+1) ነው። መጀመሪያ x = 0.5 ላይ እንየው። ከ0 እስከ 0.5 ባለው ሰፈር 1+x ትንሹ ዋጋው 1 ነው፣ ስለዚህ M = n! ይሆናል። ጣሪያው ወደ 0.5^(n+1) / (n+1) ይወርዳል። በየተርሙ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ ጥሩ ነው።

አሁን x = −0.5 እናድርገው። ርቀቱ ያው 0.5 ነው። ሰፈሩ ግን ከ−0.5 እስከ 0 ሆነ፣ እዚያ ውስጥ 1+x እስከ 0.5 ይወርዳል። በ0.5 መካፈል በ2 ማባዛት ነው፣ ስለዚህ M = n! · 2^(n+1) ሆነ። ቀመሩ ውስጥ ስናስገባው 2^(n+1) እና 0.5^(n+1) ይጣፋሉ። የሚተርፈው 1/(n+1) ብቻ ነው። ስህተቱ ከ0.0001 እንዳይበልጥ ለማረጋገጥ በዚህ ጣሪያ n = 9999 ያስፈልጋል ማለት ነው። ወደ አሥር ሺህ ተርም!

እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ፖሊኖሚያሉ በእውነት ደካማ ነው፣ ወይ ጣሪያው ነው ከልክ በላይ ከፍ ያለው። ለመለየት ተርሞቹን ራሳቸውን ተመልከቱ። x = −0.5 ላይ ተርሞቹ በመጠን 0.5^k / k ናቸው፣ በፍጥነት እየጠፉ ነው። ከአሥረኛው በኋላ ያለው ተርም 0.00005 እንኳ አይሞላም። እንዲህ በፍጥነት የሚሟሟ ነገር አሥር ሺህ ተርም አይጠይቅም። ጥፋቱ የጣሪያው ነው። የላግራንዥ ጣሪያ c መጥፎው ጫፍ ላይ ልትሆን ትችላለች ብሎ ይሰጋል፣ እዚያ ደግሞ ዴሪቬቲቩ እጅግ ትልቅ ነው።

ስለዚህ ሌላ ጣሪያ እንሥራ። ቀሪው ማለት ያልደመርናቸው ተርሞች ድምር ነው። n+1ኛው ተርም በመጠን 0.5^(n+1) / (n+1) ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ከግማሹ ያንሳል፣ ቀጣዩም ከግማሹ ግማሽ ያንሳል። 1 + 1/2 + 1/4 እያለ የሚሄድ ድምር 2 ነው። ስለዚህ የቀሩት ሁሉ ድምር ከመጀመሪያው እጥፍ አይበልጥም። በቀመር ስናየው 2 · 0.5^(n+1) / (n+1) ነው፣ ይህም ከ 0.5^n / (n+1) ጋር እኩል ነው። n = 9 ላይ 0.000195 ይመጣል፣ አይበቃም። n = 10 ላይ 0.0000888 ይመጣል፣ ይበቃል።

ከአሥር ሺህ ወደ አሥር ወረድን፣ ፖሊኖሚያሉም ፈንክሽኑም ያው ሆነው። አሥሩን ተርም ስንደምር ln(0.5) ≈ −0.693065 ይወጣል። ያልደመርናቸው ተርሞች ሁሉም ኔጋቲቭ ስለሆኑ እውነተኛው ዋጋ ከዚህ ወደ ታች ነው ያለው፣ ግን ከ0.0000888 በላይ አይርቅም። ስለዚህ በ−0.693154 እና በ−0.693064 መካከል ነው። ካልኩሌተሩ −0.693147 ይላል።